አንዱ መድኃኒት በሦስት ዋጋ ስለ መሸጡ

አንድ ዕቃ ለገዢው ሁሉ በአንድ ዋጋ መሸጥ ይገባዋል የሚለው አሳብ ለሰሚው ጆሮ እጅግ ቅን ይመስላል። ይሁን እንጂ ከጥንት ጀምሮ በገበያ የሚታየው ከዚህ የተለየ ነው። ነጋዴው የገዢውን ልብስ፥ የመጣበትን አገር፥ መቸኮሉንም አለመቸኮሉንም አስተውሎ፥ አንዱን ዕቃ ለአንዱ በዐሥር፥ ለሌላው በዐሥራ አምስት ይጠራለታል። ነገሩ በትንሽ ገበያ ሲሆን በክርክር ያልቃል፤ የተጎዳው ቢኖርም ጉዳቱ ጥቂት ሳንቲም ነው። በሰፊው የዓለም ንግድ ሲሆን ግን ይኸው አሠራር ማን እንደሚድንና ማን እንደሚቀር የሚወስን ኃይል ያገኛል። ለዚህም ምስክር የሚሆን፥ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በአንድ የጉበት መድኃኒት ላይ የተፈጸመው ነገር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሄፓታይተስ ሲ የተባለው በሽታ በደም የሚተላለፍ ነው። የያዘው ሰው ብዙ ዓመት ሳይሰማው ይኖርና፥ ጉበቱ ቀስ በቀስ እየጠጠረ ሄዶ አንዳንዱን ለነቀርሳና ለሞት ያደርሰዋል። አስቀድሞ የነበረው ሕክምና መርፌ ሲሆን፥ እስከ አንድ ዓመት ገደማ የሚወሰድ፥ ሰውነትንም እጅግ የሚያደክም ነበር፤ ከታከሙትም ብዙዎቹ አይድኑም ነበር። በታኅሣሥ ወር 2013 ግን ሶፎስቡቪር የሚባል እንክብል በአሜሪካ እንዲሸጥ ተፈቀደ። ይህን እንክብል ከሌላ መድኃኒት ጋራ በቀን አንድ ጊዜ ለዐሥራ ሁለት ሳምንት የሚውጥ ሰው፥ እንደ በሽታው ዓይነትና እንደ አብሮት የሚወሰደው መድኃኒት፥ ከዐሥር ዘጠኝ ጊዜ ያህል ፈጽሞ ይድናል። የመድኃኒቱ ባለቤት ጊልያድ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፥ መብቱንም ያገኘው መድኃኒቱን የጀመረውን ሌላ ኩባንያ በ11 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በመግዛት ነው።

ኩባንያው በአሜሪካ ለአንድ እንክብል የጠራው ዋጋ 1000 ዶላር ነበር። ለዐሥራ ሁለት ሳምንት የሚያስፈልገው 84 እንክብል ስለ ሆነ፥ አንድን በሽተኛ ለማከም 84000 ዶላር ይጠየቅ ነበር ማለት ነው። በተከተለው ዓመት በ2014 ግን፥ በዚህ በሽታ እጅግ ለተጎዳው ለግብጽ መንግሥት ያንኑ መድኃኒት ለአንድ በሽተኛ በ900 ዶላር ሊሸጥለት ተስማማ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ደግሞ ለሰባት የሕንድ ፋብሪካዎች መድኃኒቱን እንዲሠሩና በ91 አገሮች እንዲሸጡ ፈቃድ ሰጠ፤ እነርሱም ለባለመብቱ ከሽያጩ ከመቶ ሰባት ይከፍላሉ፥ ዋጋውን ግን በራሳቸው ይቆርጣሉ። ኢትዮጵያም ከነዚህ 91 አገሮች አንዷ ነበረች። ስለዚህ አንዱ መድኃኒት በአንድ ዓመት ውስጥ በሦስት ልዩ ልዩ ዋጋ የሚሸጥ ሆነ።

ይህን ያየ ሰው የዋጋው ልዩነት ከወጪ የመጣ እንደ ሆነ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል። ዋጋ ስለ ተለያየ ብቻ ሻጩ በገዢዎች መካከል አድልቷል አይባልምና። በወደብ የተሸጠ ጨርቅ በደጋ ከተማ ቢወደድ፥ የጭነቱና የቀረጡ ወጪ ተጨምሮበት ነው፤ ሺሕ ጆንያ የሚገዛ ሰው አንድ ጆንያ ከሚገዛው በጥቂት ቢረክስለት፥ ሻጩ የድካምና የመጋዘን ወጪ ስለ ቀነሰለት ነው። ዋጋን እንደ ገዢው መለየት የሚባለው፥ እንዲህ ያለው ወጪ ሁሉ ተቀንሶ ካለቀ በኋላ የሚቀር ልዩነት ሲኖር ነው። በሶፎስቡቪር ነገር በ2014 የታተመ የተመራማሪዎች ግምት፥ ለአንድ በሽተኛ የሚበቃውን እንክብል ለመሥራት የሚወጣው ከ68 እስከ 136 ዶላር እንደሚሆን አሳይቷል። ጭነቱም በጥቂት ጠርሙስ የሚያልቅ ነው። ስለዚህ በ84000ና በ900 መካከል ያለው ርቀት ከፋብሪካውም ከመርከቡም የመጣ ሳይሆን፥ ከገዢው ማንነት የመጣ ነው።

ሻጭ ይህን ለማድረግ ቢፈልግ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል። መጀመሪያ፥ ዋጋውን ራሱ የሚቆርጥ መሆን አለበት፤ በአጠገቡ ያንኑ ዕቃ የሚሸጥ ሌላ ሰው ካለ፥ ውድ የተጠራበት ገዢ ወደዚያ ይሄዳልና። ሁለተኛ፥ ብዙ መክፈል የሚችለውን ከማይችለው የሚለይበት ምልክት ማግኘት አለበት። ሦስተኛም፥ በርካሽ የገዛው ሰው ዕቃውን መልሶ ውድ ወደሚሸጥበት እንዳይወስደው መከልከል አለበት። ለመድኃኒቱ ባለቤት የመጀመሪያውን የሰጠው የፈጠራ ባለመብትነት ሕግ ነው፤ ሁለተኛውን የሰጠው የአገር ድንበር ነው፥ ሀብታሙ አገርና ድኻው አገር በካርታ ላይ ተለይተው ይታወቃሉና፤ ሦስተኛውንም የሰጠው የመድኃኒት ማስገቢያ ፈቃድና የጉምሩክ ቁጥጥር ነው። ከነዚህ ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል አሠራሩ ሁሉ ይፈርሳል።

ለመጀመሪያው ነገር ማስረጃ በአሜሪካ ወዲያው ታየ። በታኅሣሥ 2014 ሌላ ኩባንያ ለዚያው በሽታ የሚሆን መድኃኒት ይዞ ወደ ገበያ ገባ። ጊልያድም ለትልልቅ ገዢዎች ከተጠራው ዋጋ ላይ የሚቀንስላቸው፥ በ2014 በአማካይ ከመቶ 22 የነበረው፥ በ2015 ወደ ከመቶ 46 እንደሚደርስ ራሱ አስታወቀ። መድኃኒቱም የበሽተኛውም ገንዘብ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ገዢው ወደ ሌላ ሻጭ መሄድ መቻሉ ብቻ ነው።

እንግዲህ ይህ ዋጋን የመለየት ሥራ መልካም ነው ወይስ ክፉ ነው የሚለውን ለመመርመር፥ ለምሳሌ የተሠራ ትንሽ ሒሳብ ማየት ይጠቅማል። በአንድ ሀብታም አገር እያንዳንዳቸው 10000 ዶላር መክፈል የሚችሉ 100 በሽተኞች አሉ እንበል። በአንድ ድኻ አገር ደግሞ ከ500 ዶላር በላይ መክፈል የማይችሉ 1000 በሽተኞች አሉ። መድኃኒቱን ለአንድ ሰው ለመሥራት የሚወጣው 100 ዶላር ነው። ሻጩ ለሁሉ አንድ ዋጋ ብቻ እንዲጠራ ቢገደድ፥ ምርጫው ሁለት ነው። 500 ቢጠራ 1100 ሰዎች ይገዙታል፥ ከእያንዳንዱም 400 ያተርፋል፤ ትርፉ በሙሉ 440000 ዶላር ይሆናል። 10000 ቢጠራ ግን የሚገዙት 100 ብቻ ናቸው፥ ነገር ግን ከእያንዳንዱ 9900 ስለሚያተርፍ ትርፉ 990000 ይደርሳል። ትርፉን የሚመለከት ነጋዴ ሁለተኛውን እንደሚመርጥ የታወቀ ነው፤ የድኻው አገር 1000 በሽተኞችም ያለ መድኃኒት ይቀራሉ።

ሁለት ዋጋ እንዲጠራ ቢፈቀድለት ግን፥ ከሀብታሙ አገር 990000፥ ከድኻው አገር 400000፥ በድምሩ 1390000 ያገኛል። ሀብታሙ ከቀድሞው ዋጋ አንድ ሳንቲም አልጨመረም፤ ድኻው መድኃኒቱን አገኘ፤ ሻጩም ትርፉ በዛለት። ለሁሉ አንድ ዋጋ ይሁን የሚለው ቅን የሚመስል ሕግ በዚህ ጊዜ የሚጎዳው ድኻውን ነው። ከ2000 ወዲህ የኤድስ መድኃኒት በአፍሪካ በዝቅተኛ ዋጋ እንዲሸጥ የተደረገበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሁለተኛው ምክንያት ግን የሕንድ ፋብሪካዎች ውድድር ነበር። በ2001 ከነዚህ አንዱ ሲፕላ፥ በሀብታም አገር በዓመት ከ10000 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረውን ሕክምና በዓመት በ350 ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ለበጎ አድራጎት ማኅበር ማቅረቡ ይታወቃል።

ነገር ግን ያው ሒሳብ ሻጩ ስለ ምን መልሶ መሸጥን እንደሚፈራ ደግሞ ያሳያል። ለድኻው አገር ተብሎ የተላከ የአንድ ሰው መድኃኒት ተሰርቆ ወደ ሀብታሙ አገር ቢገባ፥ ሻጩ 9900 ያተርፍበት የነበረውን ገዢ አጥቶ በምትኩ 400 ብቻ ያገኛል፤ ጉዳቱ 9500 ነው። ከድኻው አገር የሚያገኘው ትርፍ ሁሉ 400000 ስለ ሆነ፥ ከ1000 ውስጥ የ43 ሰው መድኃኒት ብቻ ቢያፈተልክ ያ ትርፍ ሁሉ ጠፍቶ ወደ ኪሳራ ይለወጣል። እንዲህም ሲሆን ነጋዴው ለድኻው አገር መሸጡን ማቆም ይቀለዋል። በጥቂት ሰው የሚሠራ ኮንትሮባንድ የብዙ በሽተኛን መድኃኒት የሚዘጋው በዚህ መንገድ ነው።

ይህም በአሳብ ብቻ የቀረ አይደለም። በ2002 ለአፍሪካ በሽተኞች ተብሎ የተላከ የግላክሶስሚዝክላይን ኩባንያ የኤድስ መድኃኒት በአውሮፓ ገበያ ሲሸጥ ተገኘ። ከዚህ በኋላ የአውሮፓ ኅብረት በ2003 ሕግ አወጣ። በሕጉም መሠረት፥ ሻጩ ለድኻ አገሮች የሚሸጠው ዋጋ በበለጸጉት አገሮች ካለው አማካይ ዋጋ ከሩቡ ያልበለጠ፥ ወይም ከመሥሪያው ወጪ ላይ ከመቶ 15 ብቻ የተጨመረበት እንደ ሆነ፥ መድኃኒቱ ልዩ ምልክት ይታተምበታል፥ ተመልሶም ወደ አውሮፓ እንዳይገባ ይከለከላል። ኩባንያውም ለድኻ አገሮች የሚላከውን እንክብል በቀይ ቀለም መሥራት ጀመረ፤ የጉምሩክ ሹምም ሆነ ባለመድኃኒት ቤት ጠርሙሱን ከፍቶ ባየው ጊዜ ወዲያው እንዲያውቀው ነው።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ለሁለት ዋጋ የሚመሰክር ነው። ነገር ግን በሒሳቡ ውስጥ አንድ ቁጥር ብቻ ቢለወጥ ፍርዱ ይገለበጣል። የድኻው አገር በሽተኞች 1000 መሆናቸው ቀርቶ 3000 ይሁኑ። አሁን ሻጩ ለሁሉ 500 ቢጠራ 3100 ሰዎች ይገዙትና 1240000 ያተርፋል፤ 10000 ቢጠራ ግን ትርፉ እንደ ቀድሞው 990000 ነው። ስለዚህ አንድ ዋጋ ብቻ ቢፈቀድለት ራሱ ወዶ 500 ይጠራል፥ ሁሉም ይታከማል። ሁለት ዋጋ ሲፈቀድለት ግን በሀብታሙ አገር ያሉት 100 ሰዎች በ500 የሚያገኙትን በ10000 ይገዛሉ፤ በድኻው አገር ግን አንድም ሰው አልተጨመረም። እዚህ ላይ ዋጋን መለየት ገንዘብን ከገዢው ኪስ ወደ ሻጩ ኪስ ከማዛወር በቀር ያመጣው ጥቅም የለም።

ከዚህም የተነሣ የዚህ ነገር ሊቃውንት፥ ከነዚህም በ1933 ስለ ያልተሟላ ውድድር የጻፈችው የእንግሊዟ ጆአን ሮቢንሰን አንዷ ናት፥ ፍርዱን በተሸጠው ብዛት ላይ አኑረውታል። በሁለት ዋጋ መሸጡ አስቀድሞ ሳይደርሳቸው ይቀሩ ለነበሩት ዕቃውን ካደረሰ፥ የሚጠቅም ሊሆን ይችላል። የተሸጠው ብዛት ያው ከሆነ ወይም ከቀነሰ ግን፥ ጠቅላላው ጥቅም አያድግም፤ ያተረፈ ቢኖር ሻጩ ነው። ስለዚህ ሻጩ ይህን ለድኆች ብዬ ነው ባለ ጊዜ፥ ቃሉን ከመስማት ይልቅ የታከሙትን ሰዎች መቍጠር ይሻላል።

በዚህ ሚዛን ሲመዘን የሶፎስቡቪር ነገር በሦስት ወገን የተለያየ ውጤት አሳይቷል። ፈቃዱ በደረሰባቸው አገሮች የሕንድ ፋብሪካዎች እርስ በርሳቸው ስለ ተወዳደሩ ዋጋው ከዓመት ወደ ዓመት ወረደ። በግብጽም የባለመብትነት ጥያቄው ተቀባይነት ስላላገኘ፥ የአገሩ ፋብሪካዎች መድኃኒቱን ሠርተው ለአንድ በሽተኛ ከ100 ዶላር በታች አደረሱት። መንግሥቱም ይህን ይዞ ከ2018 ጀምሮ በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ መረመረ፥ የተገኘባቸውንም አሳከመ።

በአሜሪካ ግን ከፍተኛውን ዋጋ የተጠራበት ሁሉ ሀብታም አልነበረም። ለድኆች ሕክምና የሚከፍለው የመንግሥት መዝገብ በ2014፥ የሚመለስለት ቅናሽ ሳይታሰብ፥ ለዚህ መድኃኒት ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ፥ በሽታው ካለባቸው ባለመዝገቦች ከመቶ 2.4 የማይሞሉትን ብቻ እንዳሳከመ የአገሩ ምክር ቤት አባላት በ2015 ባወጡት ምርመራ ተገልጧል። ብዙዎቹ ክፍላተ ሀገርም ጉበቱ እጅግ ካልተጎዳ በቀር መድኃኒቱ ለበሽተኛው አይሰጥም ብለው ደነገጉ። ምልክቱ አገር ስለ ሆነ፥ በሀብታም አገር የሚኖር ድኻ እንደ ሀብታም ተቈጠረ ማለት ነው።

ሦስተኛውና እጅግ የተጨነቀው ወገን በመካከል ያለው ነው። ብራዚልን፥ ቱርክን፥ ማሌዢያን፥ ታይላንድን የመሰሉ አገሮች ለርካሹ ፈቃድ አማካይ ገቢያቸው በዛ ተብለው ከመጀመሪያው ዝርዝር ቀሩ፤ ውዱን ዋጋ ለሕዝባቸው ሁሉ ለመክፈል ግን አቅም አልነበራቸውም። አማካይ ገቢ የብዙ ድኆችንና የጥቂት ሀብታሞችን ገንዘብ ደምሮ የሚያካፍል ቁጥር ስለ ሆነ፥ የብዙውን ሰው ኪስ አያሳይም። በ2017 ነሐሴ ላይ ኩባንያው ማሌዢያንና ታይላንድን ከሌሎች ሁለት አገሮች ጋራ በዝርዝሩ ጨመረ። የማሌዢያ መንግሥትም በተከተለው ወር፥ ባለመብቱን ሳይጠይቅ መድኃኒቱን ለመንግሥት ሆስፒታሎች የሚያስገባበትን፥ በዓለም የንግድ ስምምነት የተፈቀደውን ሥልጣን ሥራ ላይ አዋለ። ከዚህ የሚታየው፥ በመካከለኛው ወገን ያለ ገዢ ዋጋ የሚቀንስለት ሌላ መንገድ እንዳለው ሻጩ ባወቀ ጊዜ መሆኑን ነው።

የቀረው ነገር ምስጢር ነው። ብዙ የአውሮፓ መንግሥታት የመድኃኒት ዋጋ ሲቈርጡ ጎረቤቶቻቸው የከፈሉትን ይመለከታሉ። ስለዚህ ሻጭ ለአንዱ አገር በግልጥ ቢቀንስ ሌላው ለእኔም ቀንስልኝ ይለዋል፤ ይህንም ለማምለጥ በመዝገብ ላይ ሁሉን አንድ ዓይነት ውድ ዋጋ አስጽፎ፥ ቅናሹን በስውር ውል ይመልሳል። ገዢው መንግሥትም ከሌላው ይልቅ የረከሰለት እየመሰለው ይፈርማል፤ በእውነት የረከሰለት መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ ግን የለውም። የዓለም የጤና ድርጅት ጉባኤ በግንቦት 2019 መንግሥታት በእውነት የከፈሉትን ዋጋ እንዲገልጡ የሚያሳስብ ውሳኔ ማሳለፉ ስለዚህ ነው። ውሳኔው ግን የሚያስገድድ አይደለም፤ ሁሉ ነገር ቢገለጥ ደግሞ ሻጩ ለድኻው የሚቀንሰውን ፈርቶ ሊያስቀር ይችላል የሚሉ አሉ። ለዚህ ክርክር መልስ የሚሆነው፥ ለድኻ አገር የተቈረጠው ዋጋ ለሀብታሙ መለኪያ እንዳይሆን፥ የአውሮፓው የ2003 ሕግ እንዳደረገው፥ በግልጥ መለየት ነው።

አውስትራሊያ በ2015 በሌላ መንገድ ሄደች። ለእያንዳንዱ በሽተኛ ዋጋ ከመከራከር ይልቅ፥ ለአምስት ዓመት በድምሩ አንድ ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ ለመክፈል ከኩባንያዎቹ ጋራ ተዋዋለች፤ በዚያ ገንዘብ ውስጥ የሚታከመው ሰው ቍጥር አልተወሰነም። ሻጩ የሚፈልገውን ድምር አገኘ፤ መንግሥቱም አንድ በሽተኛ በተጨመረ ጊዜ የሚጨምረው ገንዘብ ስለሌለ፥ ጉበቱ እስኪጠፋ ጠብቅ የሚለው ሰው አልኖረም። ይህ ግን የሚሆነው ገንዘቡን አስቀድሞ ለመክፈል ለሚችል፥ በሽተኞቹንም ፈልጎ ለማግኘት የሚበቃ የጤና ሠራዊት ላለው መንግሥት ነው። በሽተኛ ካልተፈለገ የተከፈለው ድምር ለጥቂቶች ብቻ ይከፋፈልና የእያንዳንዱ ዋጋ መልሶ ይወደዳል።

እንግዲህ መድኃኒትም ቢሆን ሌላ ዕቃ ለመንግሥት የሚገዛ ሹም፥ ከፊቱ የቀረበው ዋጋ ከሌላው ገዢ ዋጋ ተለይቶ ሲያገኘው፥ መቈጣትም መደሰትም ሳይቀድመው አራት ነገር ቢመረምር ይበጃል። ልዩነቱ ከጭነት፥ ከቀረጥና ከብዛት የመጣ ነውን? ካልሆነስ፥ ሻጩ በምን ምልክት ነው በዚህ ወገን ያስቀመጠው፥ ምልክቱስ የሕዝቡን እውነተኛ አቅም ያሳያልን? ሌላ ሻጭ ወይም ሌላ ሕጋዊ መንገድ አለን? በመጨረሻም፥ በዚህ ዋጋ ትናንት ያላገኙ ስንት ሰዎች ዛሬ ያገኛሉ? የመጨረሻው ጥያቄ መልሱ ቍጥር ነው፤ ያም ቍጥር በሻጩ ደብዳቤ ላይ ሳይሆን በሆስፒታሎች መዝገብ ላይ ይገኛል።